ዶሮ ሲወደድ ገዢው ለምን ይበዛል?

በፋሲካ ዋዜማ ዶሮ ተራ የሄደ ሰው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያያል። የዶሮ ዋጋ ከወር በፊት ከነበረበት በብዙ ተሰቅሏል፤ እግሩ ታስሮ ከገበያው የሚወጣው ዶሮ ብዛትም ከወር በፊት ከነበረው ጋር አይወዳደርም። የኢኮኖሚክስ መግቢያ መጽሐፍ ግን ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች፣ ሌላው ነገር ሁሉ ባለበት እስከቆየ ድረስ፣ ዋጋ ሲጨምር ሰዎች የሚገዙት መጠን ይቀንሳል ብሎ ያስተምራል። ታዲያ በፋሲካ ይህ ሕግ ተሻረ ማለት ነው?

ጥያቄው ለጀማሪ ተማሪ የሚቀርብ ዓይነት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ አንድ ስመ ጥር የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር የተሰናከለው እዚሁ ቦታ ላይ ነው። መልሱን ለማግኘት ትልቅ ገበያ አያስፈልግም። አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆም ገበያና በወረቀት ላይ የሚሠመሩ ጥቂት መስመሮች ይበቃሉ።

ለልምምድ ያህል በዚያች ከተማ ገበያ የሚወጣው ዶሮ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው እንበል፤ ክብደቱም ጤንነቱም ተመሳሳይ የሆነ የሀበሻ ዶሮ። ቁጥሮቹም ለስሌት እንዲመቹ ተብለው የተመረጡ ናቸው፤ የየትኛውም ከተማ እውነተኛ ዋጋ አይደሉም። ሠንጠረዡ በየዋጋው ገዢዎች ስንት ዶሮ ለመግዛት፣ ሻጮችም ስንት ዶሮ ለመሸጥ ፈቃደኛ እንደሆኑ ያሳያል።

| የአንድ ዶሮ ዋጋ (ብር) | የሚፈለገው፣ በአዘቦት | የሚፈለገው፣ በሁዳዴ | የሚፈለገው፣ በፋሲካ | ሻጮች የሚያቀርቡት |
|---|---|---|---|---|
| 600 | 100 | 60 | 180 | 20 |
| 700 | 80 | 40 | 160 | 40 |
| 800 | 60 | 20 | 140 | 60 |
| 900 | 40 | 0 | 120 | 80 |
| 1000 | 20 | 0 | 100 | 100 |

ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ሰው አለ። ዋጋው 600 ብር ሲሆን 20 ዶሮ ብቻ የሚቀርበው፣ በዚህ ዋጋ የሚሸጡት ዛሬውኑ ገንዘብ የቸገራቸው ስለሆኑ ነው፤ የልጅ ደብተር ወይም ጨውና ዘይት መግዛት ያለባቸው። 1000 ብር ሲደርስ ግን ለእንቁላል ያስቀመጠቻትን ዶሮ ጭምር ይዛ የምትመጣ ሴት አለች፤ ከሩቅ ቀበሌ ሰብስቦ የሚያመጣ ነጋዴም አለ። በገዢውም በኩል እንዲሁ ነው። በ1000 ብር በአዘቦት ቀን የሚገዛው ሠርግ ያለበት ወይም ክቡር እንግዳ የመጣበት ቤት ነው። በ600 ብር ግን ለወትሮው ሽሮ የሚበላው ቤተሰብም ይገዛል።

አሁን ግራፉን መሥራት ይቻላል። ዋጋ በቋሚው መስመር ላይ፣ የዶሮ ብዛት በአግድሙ ላይ ይሰፍራል። የሒሳብ ትምህርት የለመደ ተማሪ እዚህ ላይ ግር ይለዋል፤ በሒሳብ ክፍል ምክንያት የሆነው ነገር በአግድሙ፣ ውጤቱ በቋሚው ላይ ነውና። ፈረንሳዊው ኦጉስተን ኩርኖ እ.ኤ.አ. በ1838 የፍላጎትን መስመር ሲስል ዋጋን በአግድሙ ላይ አስቀምጦ ነበር። ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚታየው አሣሣል የጸናው ግን ከእንግሊዛዊው አልፍሬድ ማርሻል ነው፤ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ማርሻል ጥያቄውን ከብዛት ይጀምራል፤ ይህን ያህል ዶሮ ገበያ ላይ ካለ የመጨረሻው ገዢ ስንት ብር ይከፍላል ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ የእሱን ግራፍ በሁለት መንገድ ማንበብ ይቻላል። ከዋጋው ተነሥቶ ወደ ጎን መስመሩ ድረስ ሄዶ ወደ ታች ብዛቱን ማየት አንዱ ነው። ከብዛቱ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጥቶ ዋጋውን ማየት ሌላው ነው። ሁለተኛውን ንባብ ብዙ ተማሪ ይዘለዋል፤ ጥቅሙ በኋላ ይታያል።

የአዘቦቱን ፍላጎት ነጥቦች ስናያይዝ ከግራ ወደ ቀኝ የሚወርድ መስመር እናገኛለን። የአቅርቦቱን ስናያይዝ ደግሞ የሚወጣ። ሁለቱ የሚገናኙት 800 ብርና 60 ዶሮ ላይ ነው። ይህን ዋጋ ያወጀ ማንም የለም። ሻጮች ገና ጠዋት በ700 ብር ቢጀምሩ 80 ዶሮ ይፈለጋል፤ የሚሸጠው ግን 40 ነው። 40 ዶሮ ይጎድላል። ያጣው ገዢ ወደ ሌላ ሻጭ ዞሮ ሃምሳ ብር ልጨምርልህ ይላል፤ ሻጩም ከዚያ በታች አይወርድም። በ900 ብር ቢጀምሩ ደግሞ 80 ዶሮ ቀርቦ 40 ብቻ ይፈለጋል፤ ወደ ማታ ገደማ ዶሮውን ተሸክሞ መመለስ የከበደው ሻጭ ዋጋ ይቀንሳል። የገዢው ጭማሪና የሻጩ ቅናሽ የሚያቆሙት 800 ላይ ነው።

ወደ ፋሲካው እንመለስ። 55 ቀን ጾም ሲፈታ ዶሮ ወጥ ያልተሠራበት ቤት በዓል የዋለ አይመስለውም። በሠንጠረዡ ላይ ይህ ማለት በእያንዳንዱ ዋጋ የሚፈለገው ዶሮ በ80 ይጨምራል፤ በ600 ብር ከ100 ወደ 180፣ በ800 ብር ከ60 ወደ 140። መስመሩ እንዳለ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ሄደ። የአቅርቦቱ መስመር አልተነካም። አዲሱ መገናኛ 1000 ብርና 100 ዶሮ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪን የሚፈትን ጥሩ ጥያቄ አለ። ፍላጎት በ80 ዶሮ ከጨመረ የተሸጠው ለምን በ40 ብቻ ጨመረ? መልሱ ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን ይለያል። መጀመሪያ በዓሉ መስመሩን ገፋው፤ በ800 ብር 140 ዶሮ ተፈለገ። ከዚያ ግን ዋጋው ከ800 ወደ 1000 ሲወጣ፣ በአዲሱ መስመር ላይ ወደ ላይ ሲኬድ፣ ከ140ዎቹ 40ው ተዉት። እነዚህ በዓሉን በሥጋ ቅርጫ ያሳለፉ፣ ወይም ከጎረቤት ተጋርተው አንድ ዶሮ የገዙ ናቸው። የፍላጎት ሕግ ያልተሻረ መሆኑ የሚታየው በእነዚህ 40 ዶሮዎች ላይ ነው። ዋጋው ሲጨምር ሰው ቀንሶ ገዝቷል፤ የቀነሰው ግን በበዓሉ ከተነሣው አዲስ ፍላጎት ላይ ነው።

ይህን ልዩነት ያልያዘ ተማሪ ፈተና ላይ በክብ መንገድ ሲዞር ይገኛል። ፍላጎት ጨመረ፤ ስለዚህ ዋጋ ጨመረ፤ ዋጋ ስለጨመረ ፍላጎት ቀነሰ፤ ፍላጎት ስለቀነሰ ዋጋ ወረደ ብሎ ይጽፋል፤ ወረቀቱም ሲያልቅ ዋጋው ከጀመረበት ተመልሷል። ስሕተቱ ያለው ሦስተኛው እርምጃ ላይ ነው። ዋጋ መስመሩን አይገፋም። ዋጋ የሚወስደው በመስመሩ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ነው። መስመሩን የሚገፋው ከግራፉ ውጭ ያለ ነገር ነው፤ በዓል፣ ገቢ፣ የበግ ዋጋ፣ የነገ ዋጋ ግምት።

በሁዳዴ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚገዙት የማይጾሙ ቤተሰቦችና አንዳንድ ሆቴሎች ብቻ ናቸው፤ እስከ 900 ብር ድረስ በየዋጋው የሚፈለገው በ40 ዶሮ ይቀንሳል። በ800 ብር 60 ዶሮ ወጥቶ 20 ብቻ ፈላጊ ያገኛል፤ ዋጋው ይወርድና 700 ብርና 40 ዶሮ ላይ ይቆማል።

አሁን ግራፉን ለጊዜው እንሸፍነውና አንድ ሰው ገበያው ዳር ቆሞ የመዘገበውን ብቻ እናስብ። እሱ መስመር አላየም። ያየው የተሸጠበትን ዋጋና የተሸጠውን ብዛት ነው፤ በሁዳዴ 700 ብርና 40 ዶሮ፣ በአዘቦት 800 ብርና 60 ዶሮ፣ በፋሲካ 1000 ብርና 100 ዶሮ። ሦስቱን ነጥቦች በማስመሪያ ቢያገናኝ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣለታል፤ ያም መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይወጣል። ሰው ዶሮ በተወደደ ቁጥር አብዝቶ ይገዛል ብሎ ቢጽፍ ማስረጃ አለው። ነገር ግን የሣለው የፍላጎትን መስመር አይደለም። ሠንጠረዡን መለስ ብሎ የሚያይ ሰው ሦስቱም ነጥቦች በሻጮች ዓምድ ላይ እንዳሉ ያገኛቸዋል። ፍላጎቱ ወዲያና ወዲህ ሲል፣ ከቆመው የአቅርቦት መስመር ጋር በተለያየ ቦታ እየተገናኘ፣ የአቅርቦቱን መስመር ነጥብ በነጥብ ሥሎ አሳየ።

በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሄንሪ ሙር የገባው በዚህ ወጥመድ ነው። ሙር እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተመው መጽሐፍ የአሜሪካን የጥሬ ብረት ምርትና ዋጋ ዓመት በዓመት አስተያይቶ፣ የብረት ፍላጎት መስመር ወደ ላይ የሚወጣ ነው፤ ይህም አዲስ ዓይነት የፍላጎት ሕግ ነው አለ። በሚቀጥለው ዓመት ፊሊፕ ራይት የተባለ ኢኮኖሚስት በመጽሐፉ ላይ በጻፈው ግምገማ ችግሩን አወጣው። ኢኮኖሚው ሲደራ ብረት ፈላጊው ይበዛል፤ ሲቀዘቅዝ ያንሳል። የሚንቀሳቀሰው የፍላጎቱ መስመር ከሆነ፣ ነጥቦቹ የሚገልጡት የአቅርቦቱን መስመር ነው። ሙር ስሌት አልተሳሳተም፤ ቁጥሮቹም ሐሰት አልነበሩም። የሳተው የትኛው መስመር እንደተንቀሳቀሰ መጠየቅን ነው።

ራይት ነቀፋ ብቻ ጽፎ አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ1928 ስለ እንስሳትና ስለ አትክልት ዘይቶች ቀረጥ ባሳተመው መጽሐፍ አባሪ ላይ መውጫውን አሳየ። ከምሳሌዎቹ አንዱ ለእኛ አንባቢ እንግዳ ያልሆነው ተልባ ነው። የተልባን የፍላጎት መስመር ማየት ከተፈለገ፣ አቅርቦቱን ብቻ የሚገፋ ፍላጎቱን ግን የማይነካ ነገር መፈለግ አለበት። የአየር ጠባይ ያበላሸው ወይም ያሳመረው የሰብል ምርት እንዲህ ያለ ነገር ነው። በአንዱ ዓመት ዝናብ ሲጠፋ ተልባ ገዢው ፍላጎቱን አልቀየረም፤ የቀነሰው ምርቱ ነው። አቅርቦቱ ወዲያና ወዲህ ሲል የቆመውን የፍላጎት መስመር ይሥላል። ዛሬ ብዙ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት አንድ ትልቅ ዘዴ ከዚህ አባሪ የተወለደ ነው።

በትንሿ ከተማችን ይህን ሥራ የሚሠራ አንድ የታወቀ ጠላት አለ፤ ፈንግል። ፈንግል ወደ መንደር ሲገባ ዶሮውን በቀናት ውስጥ ይፈጀዋል። በአዘቦት ጊዜ በሽታው ገብቶ በየዋጋው የሚቀርበው ዶሮ በ40 ቢቀንስ፣ በ800 ብር 20 ዶሮ፣ በ900 ብር 40 ዶሮ ብቻ ይወጣል። ከአዘቦቱ ፍላጎት ጋር የሚገናኘው 900 ብርና 40 ዶሮ ላይ ነው። ዋጋ ወጣ፤ የተሸጠው ወረደ። ይህ ነጥብና የቀድሞው 800 ብርና 60 ዶሮ ቢገናኙ የሚወርደውን የፍላጎት መስመር ይሰጣሉ። ሁለቱን ሁኔታዎች አጠገብ ለአጠገብ ያየ ተማሪ አንድ መፈተሻ በእጁ ይገባል፤ ዋጋና ብዛት አብረው ከወጡ ወይም አብረው ከወረዱ በዋናነት የተነሣው ፍላጎት ነው፤ አንዱ ወጥቶ ሌላው ከወረደ በዋናነት የተነሣው አቅርቦት ነው።

መፈተሻው የዋህ ግምትንም ያርማል። በሽታ ሲባል ሁሉም ሰው አቅርቦት ይቀንሳል ብሎ ያስባል። በ1998 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን ስጋት በተሰማ ጊዜ ግን በኢትዮጵያ የሆነው ሌላ ነበር። በሽታው በአገር ውስጥ ሳይገኝ ወሬው ገዢውን አስሸሸው፤ የሚሸጠው ዶሮ ቀነሰ፤ ዋጋውም ወረደ። ሁለቱ አብረው መውረዳቸው የተገፋው የፍላጎት መስመር እንደነበር ይነግራል። ፈንግል ሲገባም ገዢ የታመመ ዶሮ እንዳይደርሰው ከፈራ እውነተኛው ገበያ ከምሳሌያችን ይርቃል፤ ሁለቱም መስመሮች በአንድ ጊዜ ይነሣሉና።

ዶሮ አርቢ ገበሬም ቢሆን ፋሲካን ረስቶ አይቀመጥም። ዋጋው እንደሚወጣ ስለሚያውቅ በሁዳዴ ከመሸጥ ይቆጠባል፤ ለበዓሉ ያቆየውን በዋዜማው ሳምንት ያወጣል። ስለዚህ በፋሲካ ሳምንት የአቅርቦቱም መስመር ወደ ቀኝ ይሄዳል። በየዋጋው 40 ዶሮ ተጨማሪ ቢቀርብ መገናኛው 1000 ብር መሆኑ ይቀርና 900 ብርና 120 ዶሮ ይሆናል። የዋጋው ጭማሪ በግማሽ ቀነሰ። መዝጋቢው ግን አሁን ከአዘቦቱ ነጥብ ጋር የሚያገናኘው መስመር የፍላጎትም የአቅርቦትም አይደለም። በእውነተኛ የገበያ መረጃ ላይ የሚሠሩ ሰዎችን ብዙ የሚያደክማቸው ይህ ነው፤ ነጥቦቹ ያሉ ይመስላሉ፤ በሥራቸው ግን አንድ የቆመ መስመር የለም።

ቀደም ብሎ የተዘለለው ሁለተኛው ንባብ የሚያስፈልገው ደግሞ ዋጋ በትእዛዝ ሲያዝ ነው። በፋሲካ ሳምንት የከተማው አስተዳደር ሸማቹን ልርዳ ብሎ ዶሮ ከ800 ብር በላይ እንዳይሸጥ አዘዘ እንበል። ገበሬው ለበዓሉ ያቆየው ዶሮ ለጊዜው ይቅርና ወደ ሠንጠረዡ እንመለስ። ከ800 ወደ ጎን የተሠመረው መስመር አቅርቦቱን በ60፣ የበዓሉን ፍላጎት በ140 ያገኘዋል። 80 ዶሮ ይጎድላል። ተማሪ ብዙ ጊዜ እዚህ ያቆማል። አሁን ከ60 ዶሮ ተነሥቶ ወደ ላይ የበዓሉን ፍላጎት መስመር እስኪያገኝ ይውጣ፤ መስመሩን ካስረዘመው 1200 ብር ላይ ያገኘዋል። ገበያ ላይ 60 ዶሮ ብቻ ሲኖር የመጨረሻው ገዢ ሊከፍል ዝግጁ የሆነው 1200 ነው። በሕጋዊው ዋጋና በዚህ መካከል ያለው 400 ብር ከገበያው ጀርባ ለሚሸጥ ደላላ የተተወ ነው። ትእዛዙ ባይኖር ኖሮ በ1000 ብር 100 ዶሮ ይሸጥ ነበር። በርካሹ ዋጋ ያገኙት 60 ሰዎች በእርግጥ ተጠቅመዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግራፉ የሚያሳየው የተቀሩት ምን እንደሆኑ ነው። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት ዘይትና ስኳርን ጨምሮ በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲያስቀምጥ ከመደርደሪያ የጠፉ ሸቀጦች ነበሩ፤ ጣሪያውም በጥቂት ወራት ውስጥ በአብዛኞቹ ላይ ተነሥቷል።

በዓሉና በሽታው በአንድ ላይ ቢመጡስ? ፈንግል በፋሲካ ሳምንት ገብቶ አቅርቦቱን በ40 ቢቀንሰው፣ የበዓሉ ፍላጎት ደግሞ በ80 ጨምሮ እንዳለ ቢሆን፣ መገናኛው 1100 ብርና 80 ዶሮ ነው። ሁለቱም ግፊቶች ዋጋን ወደ ላይ ስለሚወስዱ ዋጋው እንደሚወጣ ሳይሰላ ይታወቃል። ብዛቱን ግን በዓሉ ወደ ላይ፣ በሽታው ወደ ታች ይጎትቱታል፤ የበረታውን ሳይለኩ መልሱ አይገኝም። በሽታው 80 ዶሮ ቢቀንስ ዋጋው 1200 ብር ይደርሳል፤ የተሸጠውም 60 ዶሮ ይሆናል፤ ልክ በተራ ቅዳሜ የሚሸጠውን ያህል። የዶሮውን ብዛት ብቻ የሚመዘግብ ሰው በዚያ ሳምንት ገበያው ውስጥ ምንም አዲስ ነገር አልተፈጠረም ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ይችላል።